የተረፈችው n

በአልጎሪዝም ትምህርት የጽሑፍ ፈተና ላይ በየዓመቱ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ለተማሪው አጭር ፕሮግራም ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ የቁጥሮችን ዝርዝር ለሁለት ይከፍላል፣ እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው ይደረድራል፣ በመጨረሻም የተደረደሩትን ሁለት ግማሾች ያዋህዳል። ከዚያ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ፕሮግራሙ የሚፈጀውን ጊዜ የሚገልጽ ሪከረንስ ጻፍ፤ ቀጥሎም ጊዜው ከ n log n ተርታ እንደማያልፍ በኢንዳክሽን አረጋግጥ።

መልሱን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። መርጅ ሶርት የሚባለውን ይህን ዘዴ ስሙን የሰማ ሁሉ «n log n» ብሎ ይመልሳል። ነጥቡ የሚሰጠው ግን ለማረጋገጫው ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ የሚሰናከሉበት ቦታ አለ፤ ከስሌቱ መጨረሻ ላይ አንዲት n ትተርፋለች፣ ተማሪውም ትንሽ ናት ብሎ ያልፋታል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች n ነው። ለምን ዝም ተብላ ልትታለፍ እንደማትችል የገባው ሰው የጥያቄው ዋና ጉዳይ ገብቶታል ብዬ አምናለሁ።

ፕሮግራሙ በፓይተን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```python
def sort(a):
    n = len(a)
    if n <= 1:
        return a
    m = n // 2
    x = sort(a[:m])
    y = sort(a[m:])
    return merge(x, y)
```

ዘዴው አዲስ አይደለም። ጆን ፎን ኖይማን በ1945 ለኤድቫክ ኮምፒውተር ብሎ በእጁ የጻፈው ፕሮግራም ይህንኑ በማዋሃድ የመደርደር ሥራ የሚሠራ ነበር። ኤድቫክ በዚያን ጊዜ ገና አልተሠራም፤ ፕሮግራሙ ከማሽኑ ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው።

ከስምንቱ መስመሮች ውስጥ እውነተኛው ሥራ ያለው በመጨረሻው ላይ፣ `merge` በተባለው ውስጥ ነው። አንድ መምህር በስም ፊደል ተራ የተደረደሩ ሁለት የፈተና ወረቀት ክምሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድ ላይ ሊያዋህዳቸው ነው እንበል። ሁሉንም ወረቀት ማገላበጥ አያስፈልገውም። የሚያየው ከላይ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ነው፤ በተራ የሚቀድመውን ያነሳል፣ አዲሱ ክምር ላይ ያስቀምጣል፣ እንደገና ከላይ ያሉትን ሁለቱን ያያል። በቁጥር እንየው። በግራ 3፣ 8፣ 11፣ 20፤ በቀኝ 5፣ 6፣ 14፣ 17 አሉ። 3ን ከ5 አወዳድሮ 3ን ያነሳል፤ 8ን ከ5 አወዳድሮ 5ን፤ 8ን ከ6 አወዳድሮ 6ን፤ 8ን ከ14 አወዳድሮ 8ን፤ 11ን ከ14 አወዳድሮ 11ን፤ 20ን ከ14 አወዳድሮ 14ን፤ 20ን ከ17 አወዳድሮ 17ን ያነሳል። 20 ብቻውን ስለቀረ ያለ ውድድር ይገባል። ስምንት ቁጥሮች በሰባት ንጽጽር ተዋሃዱ። በየንጽጽሩ አንድ ቁጥር ቦታውን ስለሚይዝ፣ n ቁጥሮችን ለማዋሃድ ከ n−1 በላይ ንጽጽር በፍጹም አያስፈልግም። ስሌቱ እንዲቀለን የማዋሃዱን ዋጋ n እንበለው።

አሁን ሪከረንሱ ራሱ ይመጣል። n ቁጥሮችን ለመደርደር የሚፈጀውን ጊዜ T(n) ብንለው፣ ፕሮግራሙ ራሱን ሁለት ጊዜ በግማሽ መጠን ይጠራል፣ ከዚያም n ከፍሎ ያዋህዳል።

T(n) = 2T(n/2) + n፣ T(1) = 1

ሁለተኛው፣ T(1) = 1 የሚለው፣ አንድ ቁጥር ብቻ ያለበት ዝርዝር ሲመጣ ፕሮግራሙ «ይህ የተደረደረ ነው» ብሎ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሳይጽፍ ይቀራል። ያለ እሱ ግን ሪከረንሱ መቆሚያ የለውም፤ ከታች እንደምናየውም ማረጋገጫው ላይ ወሳኝ ይሆናል።

ፈተና ላይ ወደ ማረጋገጫ ከመሮጥ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስዶ ትንንሽ ቁጥሮችን ማስላት ያዋጣል። T(2) ማለት ሁለት ጊዜ 1 ሲደመር 2 ነው፤ 4 ይሆናል። T(4) ሁለት ጊዜ 4 ሲደመር 4፣ 12 ነው። T(8) ሁለት ጊዜ 12 ሲደመር 8፣ 32። T(16) ደግሞ 80። እነዚህ እንዲሁ ሲታዩ ምንም አይናገሩም። እያንዳንዱን ለራሱ n ስናካፍለው ግን ነገሩ ይገለጣል፦ 4 ለ2 ሲካፈል 2፣ 12 ለ4 ሲካፈል 3፣ 32 ለ8 ሲካፈል 4፣ 80 ለ16 ሲካፈል 5። ዝርዝሩ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ለአንድ ቁጥር የሚደርሰው ወጪ በአንድ ይጨምራል። በእጥፍ ስንት ጊዜ እንዳደገ የሚቆጥረው ደግሞ ሎጋሪዝም ነው፤ እዚህ ላይ log ስንል ምንጊዜም መሠረቱ 2 የሆነውን ነው። log 16 አራት ነው፤ ምክንያቱም 16 አራት ጊዜ ለሁለት ሲከፈል 1 ይሆናል። የአንድ ሚሊዮን log ወደ 20 ይጠጋል። ስለዚህ ግምታችን T(n) = n log n + n ይሆናል፤ በ16 ሲፈተሽ 16 ጊዜ 4 ሲደመር 16፣ በትክክል 80 ነው።

ይህንኑ በሥዕል ማየት የሚወዱ ተማሪዎች የሪከርሽን ዛፍ ይሥላሉ። ከላይ 8 ቁጥሮችን የማዋሃድ ዋጋ 8 አለ፤ ከሥሩ ሁለት አራቶች፣ ከእነሱ ሥር አራት ሁለቶች፣ ከታች ስምንት አንዶች። እያንዳንዱ ረድፍ ሲደመር 8 ነው፤ ረድፎቹ አራት ስለሆኑ ድምሩ 32 ይሆናል። ዛፉ ደስ የሚል ነገር ነው፤ መልሱ ከየት እንደመጣ ያሳያል። ጥያቄው «በኢንዳክሽን አረጋግጥ» ካለ ግን ዛፉ ግምት ማግኛ ብቻ ነው። ማስተር ቴረም የሚባለውም እንዲሁ ነው። ጆን ቤንትሊ፣ ዶሮቴያ ሃከንና ጄምስ ሳክስ በ1980 ያወጡት ይህ ዘዴ እንዲህ ያሉ ሪከረንሶችን በአንድ መስመር ይፈታል፤ «ከመሠረቱ አሳይ» ለሚል ፈታኝ ግን አያጠግብም።

እንግዲህ ወደ ስህተቱ እንግባ። መርጅ ሶርት የሚፈጀው ጊዜ ከ n ጋር እኩል እንደሚያድግ፣ ማለትም O(n) እንደሆነ «አረጋግጣለሁ» የሚል ተማሪ አለ እንበል። ይህ ሐሰት ነው፤ ከላይ እንዳየነው ለአንድ ቁጥር የሚደርሰው ወጪ ያለማቋረጥ ይጨምራል። ተማሪው ግን እንዲህ ይጽፋል። አንድ ቋሚ ቁጥር c አለ፤ ከ n ለሚያንሱ መጠኖች ሁሉ ጊዜው ከ c ጊዜ መጠኑ አይበልጥም ብለን እናስብ። ለግማሹ T(n/2) ≤ c(n/2) ነው። እንተካው፦

T(n) ≤ 2·c(n/2) + n = cn + n = O(n)

ተፈጸመ ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። መስመሩን ደጋግመው ቢያነቡት እያንዳንዱ እኩልታ እውነት ነው። cn + n በእርግጥም O(n) ነው፤ c ቋሚ ከሆነ c+1ም ቋሚ ነው። ታዲያ ሐሰት የሆነ ነገር እንዴት ከእውነተኛ እርምጃዎች ወጣ?

ችግሩ ያለው በገባነው ቃል ላይ ነው። ኢንዳክሽን የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ለትንንሾቹ መጠኖች የሆነ ነገር እውነት ነው ብለን ተቀብለን፣ ያንኑ ነገር፣ ፊደሉም ሳይለወጥ፣ ለሚቀጥለው መጠን እናሳያለን። የተቀበልነው «ከ cn አይበልጥም» የሚለውን ነው፤ ማሳየት ያለብንም «ከ cn አይበልጥም» የሚለውን ነው። ያገኘነው ግን cn + n ነው፤ እሱ ደግሞ ከ cn ይበልጣል። ለግማሹ በ c ተቀብለን ለሙሉው በ c+1 መለስን።

አንድ ብቻ ስለጨመረ ምን አለበት የሚል ይኖራል። አንድ እርምጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረበትም። ነገር ግን ኢንዳክሽኑ አንዴ ተሠርቶ አይቆምም። ለ n ያገኘነውን c+1 ይዘን ወደ 2n ስንሄድ c+2 ይሆናል፤ ለ 4n c+3፣ ለ 8n c+4። ከአንድ ቁጥር ተነስተን አንድ ሚሊዮን እስክንደርስ ሃያ ጊዜ ያህል በእጥፍ ስለምናድግ «ቋሚ» ያልነው ቁጥር በሃያ ያህል ጨምሮ ይጠብቀናል። ዝርዝሩ ባደገ ቁጥር የሚያድግ ነገር ቋሚ አይደለም። ስንት እንደጨመረ ቆም ብለን ከተመለከትን ደግሞ ጭማሪው በትክክል log n ነው። ከላይ በትንንሽ ቁጥሮች 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያለ ሲወጣ ያየነው ያው ጭማሪ ነው። ተማሪው በየእርምጃው እንደ ቀላል ነገር የዋጣት n፣ ስትጠራቀም የመልሱ ግማሽ የሆነው n log n ራሱ ነች። ቢግ ኦ የሚባለው ምልክት ቋሚ ቁጥሮችን ለመደበቅ የተፈቀደ መጋረጃ ነው፤ በኢንዳክሽኑ መሐል ሲጋረጅ ግን የማይፈቀደውንም ይደብቃል። ስለዚህ በተካንበት እርምጃ ውስጥ O የሚል ፊደል ከታየ፣ የሚያርመው ሰው ቀይ ብዕሩን የሚያነሳው እዚያ ጋ ነው። እኔም ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ትክክለኛው ማረጋገጫ ያንኑ መንገድ ይሄዳል፣ የገባው ቃል ግን የተለየ ነው። ለትንንሾቹ መጠኖች T(m) ≤ c·m·log m ነው ብለን እንቀበል። ለግማሹ ስንተካ፦

T(n) ≤ 2·c(n/2)·log(n/2) + n

እዚህ ላይ log(n/2) ማለት log n − 1 ነው፤ አንድ ጊዜ በግማሽ መክፈል ሎጋሪዝሙን በአንድ ይቀንሳል። ስለዚህ፦

T(n) ≤ cn(log n − 1) + n = cn log n − cn + n

አሁንም n ተርፋለች። በዚህ ጊዜ ግን ከጎኗ −cn አለ። c ከ1 ካላነሰ የተቀነሰው ከተጨመረው አያንስም፤ ቀሪው ከ cn log n አይበልጥም፣ የገባነውም ቃል ሳይለወጥ ተመለሰ። የማዋሃዱን ወጪ የሸፈነው ሎጋሪዝሙ በአንድ መቀነሱ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ላይ ይህን የሚሸፍን ምንም ነገር አልነበረም፤ የ cn ግማሽ ሁለት ጊዜ ሲደመር ያው cn ነውና ለማዋሃዱ የሚተርፍ አልተገኘም። በሁለቱ ማረጋገጫዎች መካከል ያለው ልዩነት ይህች −cn ብቻ ነች።

ብዙ የመልስ ወረቀት እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሥራው ግን አላለቀም። ኢንዳክሽን መነሻ ይፈልጋል። በተለምዶ መነሻው n = 1 ነው። እንሞክረው፤ የ1 ሎጋሪዝም ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ቃላችን «T(1) ከ c ጊዜ 1 ጊዜ 0 አይበልጥም» ይላል፣ ማለትም ከዜሮ አይበልጥም። T(1) ግን 1 ነው። c አንድ ሚሊዮንም ቢሆን ዜሮን አያሳድገውም። ማረጋገጫው ገና ከመነሻው ወደቀ።

መውጫው ቀላል ነው፤ ግን መጻፍ አለበት። የቢግ ኦ አባባል «ከሆነ መጠን ጀምሮ» ስለሚል ከ1 የመጀመር ግዴታ የለብንም፤ ከ2 እንጀምር። 4ና ከዚያ በላይ የሆነ ዝርዝር ለሁለት ሲከፈል ግማሾቹ ከ2 አያንሱም፤ 4 ወደ 2ና 2፣ 5 ወደ 2ና 3 ይከፈላል። ስለዚህ 2ንና 3ን በእጃችን ካረጋገጥን ሌላው ሁሉ በእነሱ ላይ ይቆማል። T(2) = 4 ነው፤ c = 2 ብንወስድ ቃላችን 2 ጊዜ 2 ጊዜ 1፣ ልክ 4 ይላል፤ ሳይተርፍ ሳይጎድል ይበቃል። T(3) የአንዱና የሁለቱ ድምር ሲደመር 3 ነው፣ 1 + 4 + 3 = 8፤ ቃላችን 2 ጊዜ 3 ጊዜ log 3 ነው፣ እሱም ከ9 ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ሁለቱም አለፉ። c = 2 ተገኘ። ይህን ቁጥር በግልጽ የሚጽፍ ተማሪ «በቂ ትልቅ c» ብሎ ከሚያልፈው ይሻላል፤ ምክንያቱም አንድ c መነሻውንም እርምጃውንም በአንድ ላይ ማሟላት አለበት።

5 የሚለው ቁጥር ሌላ የተድበሰበሰ ነገር አስነሳ። ሪከረንሱ n/2 ይላል፤ የ5 ግማሽ ግን 2.5 ነው፣ ሁለት ተኩል ቁጥር የያዘ ዝርዝር ደግሞ የለም። ፕሮግራሙ ላይ ያለው `n // 2` የሚለው ወደ ታች ያጠጋጋል፤ አንዱ ወገን 2፣ ሌላው 3 ይይዛል። አንዳንድ ፈተና «n የ2 ርቢ ነው ብለህ ውሰድ» ብሎ ይገላግላል። እንደዚያ ካላለ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ መያዝ ይሻላል። ነገሩ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ትልቁ ወገን ቢበዛ (n+1)/2 ነው፤ n ከ3 ካላነሰ ይህ ከ n ሁለት ሦስተኛ አይበልጥም። የ5 ትልቁ ወገን 3 ነው፣ ሁለት ሦስተኛው ደግሞ 3.33። ሁለት ሦስተኛ መውሰድ ሎጋሪዝሙን በ log 1.5 ይቀንሳል፤ እሱም ከ0.58 ይበልጣል። የሁለቱ ወገኖች መጠን ተደምሮ n ስለሆነ በ c = 2 እንዲህ እንጽፋለን፦

T(n) ≤ 2n(log n − 0.58) + n = 2n log n − 1.16n + n ≤ 2n log n

ሎጋሪዝሙ በሙሉ አንድ ባይቀንስም የቀነሰው በ2 ሲባዛ 1.16 ሆኖ የተረፈችውን n ይሸፍናታል። በዚህም T(n) ከ2 ጀምሮ ላለ ማንኛውም n ከ 2n log n እንደማይበልጥ ያለ ምንም «በግምት» ተረጋገጠ። ጥያቄው ከ O ይልቅ ቴታ የሚል ከሆነ ግን ይህ ግማሹ ነው፤ ጊዜው ከ n log n ተርታ እንደማይወርድም በተመሳሳይ መንገድ ከታች በኩል ማሳየት ያስፈልጋል። ዶናልድ ክኑት በ1976 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ኦን ለላይኛው ወሰን፣ ኦሜጋን ለታችኛው፣ ቴታን ለሁለቱም እንድንጠቀም ያሳሰበው እነዚህ እየተደበላለቁ ስላስቸገሩ ነው።

ይህን ሁሉ በትክክል የሚሠራ ተማሪ ሊወድቅበት የሚችል አንድ ጥያቄ ልጨምር። ፈታኙ `sort` የሚለውን እንዳለ ትቶ `merge` የሚለውን እንዲህ ጽፎ ይሰጣል፦

```python
def merge(x, y):
    out = []
    while x and y:
        if x[0] <= y[0]:
            out.append(x.pop(0))
        else:
            out.append(y.pop(0))
    return out + x + y
```

ቅድም እንዳየነው የወረቀት ክምር ነው የሚመስለው፤ ከላይ ያሉትን ሁለቱን አወዳድሮ የሚቀድመውን ያነሳል። ውጤቱም ትክክል ነው። ንጽጽሮቹንም ብንቆጥር ከ n−1 አይበልጡም። ሆኖም በፓይተን ዝርዝር ላይ `pop(0)` የመጀመሪያውን ሲያወጣ የቀሩትን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደፊት ያስጠጋል። አንድ ቁጥር ባነሳን ቁጥር መላው ክምር ይንቀሳቀሳል፤ ማዋሃዱ n የነበረው ወደ n² ተርታ ይወጣል። ሪከረንሱም ሌላ ነው፦

T(n) = 2T(n/2) + n²

የዛፉ ረድፎች እኩል አይደሉም። ከላይ n² አለ፤ ቀጥሎ የ n/2 ካሬ ሁለት ጊዜ፣ ማለትም n²/2፤ ከዚያ n²/4። እየተጋመሱ ስለሚሄዱ የቱንም ያህል ቢበዙ ድምራቸው ከ 2n² አያልፍም። በኢንዳክሽን ስናየው ቃላችን T(m) ≤ 2m² ይሁን፦

T(n) ≤ 2·2(n/2)² + n² = n² + n² = 2n²

መነሻው T(1) = 1 ነው፣ ከ2 ያንሳል። ማረጋገጫው በሁለት መስመር ያልቃል፤ ካሬው በመከፈሉ ብቻ ግማሹን ስለሚያጣ ለማዋሃዱ የሚሆን ቦታ ራሱ ይገኛል። ስሙን አይቶ «መርጅ ሶርት ነው» ብሎ የ n log n ማረጋገጫ የሚጽፍ ተማሪ እዚህ ላይ አንድም የስሌት ስህተት ሳይሠራ ጥያቄውን ይስታል፤ ያረጋገጠው ወረቀቱ ላይ ስላለው ፕሮግራም አይደለም።

ይህ ከፈተና ውጪም ያጋጥማል፤ ያውም ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ። ኮምፒውተሩ ቁጥሮችን በጅምላ ማንቀሳቀስ ስለሚችልበት በጥቂት ሺህ ቁጥሮች ላይ ልዩነቱ አይሰማም። የሚለየው መጠኑን እያጠፉ ሲለኩ ነው። n log n የሆነ ፕሮግራም ከአንድ ሚሊዮን ወደ ሁለት ሚሊዮን ቁጥሮች ሲሄድ የሥራ መጠኑ 2.1 ጊዜ ያህል ያድጋል፤ ሁለት እጥፍና ሎጋሪዝሙ ከ20 ወደ 21 ሲወጣ የሚጨምራት ትንሽ ነገር ነች። `pop(0)` ያለበት ግን መጀመሪያ ላይ ሁለት እጥፍ አካባቢ ይመስልና፣ ዝርዝሩ እየተለቀ ሲሄድ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ማስተካከያው አጭር ነው፦ ከዝርዝሩ ምንም ሳያወጡ `i` እና `j` በሚባሉ ሁለት ጠቋሚዎች የት እንደደረሱ ብቻ መያዝ፣ ቁጥሩ ሲነሳ ጠቋሚውን በአንድ ማሳደግ። ያኔ ማዋሃዱ ወደ n ይመለሳል፤ በላይ የጻፍነው ማረጋገጫም በ c = 2 እንዳለ ይሠራለታል።